የረጅም ማኑዋል የቃላት መፍቻና የምህጻረ ቃላት ዝርዝር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በሙሉ ለገጠር የመጠጥ ውሃ ተቋም ኦፕሬተሮች ከሚጻፍ የአሠራርና የጥገና ማኑዋል ናቸው።

የቃላት መፍቻና የምህጻረ ቃላት ዝርዝር ለምን ይለያያሉ?

ሥራቸው ስለሚለያይ ነው። የምህጻረ ቃላት ዝርዝር አጭሩን ጽሑፍ ወደ ሙሉ አጠራሩ ይመልሳል፤ ከዚያ በላይ ምንም አያስረዳም። «ው/ጽ/ቤት» የሚለው ግር ያለው ሰው «ውሃ ጽሕፈት ቤት» የሚለውን አይቶ ወዲያው ወደ ንባቡ ይመለሳል። የቃላት መፍቻ የሚያስፈልገው ግን ቃሉን ማንበብ ለማይቸግረው፣ ማኑዋሉ በቃሉ ምን ለማለት እንደፈለገ ለማያውቅ ሰው ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ አንድ ምህጻረ ቃል ለማየት የመጣው ሰው በረጃጅም ፍቺዎች መካከል ሲፈልግ ይደክማል። አንድ ነገር ምህጻረ ቃልም ፍቺ የሚሻም ከሆነ በአጭሩ ዝርዝር ውስጥ ሙሉ አጠራሩ ይጻፍና «መፍቻውን ይመልከቱ» ይባል።

የትኛውን ቃል ልፍታ?

አብዛኛው አዘጋጅ ከባድ የመሰለውን ቃል እየለቀመ ይፈታል። ስለዚህ «ሰብመርሲብል ፓምፕ»፣ «ጄኔሬተር»፣ «ጌት ቫልቭ» መፍቻውን ይሞሉታል። ኦፕሬተሩ ግን እነዚህን በየቀኑ በእጁ የሚነካቸው፣ ከጸሐፊው አብልጦ የሚያውቃቸው ናቸው። ችግር የሚያመጣው ሁሉም ሰው የሚያውቀው የሚመስል፣ ማኑዋሉ ግን ለይቶ በጠበበ ትርጉም የሚጠቀምበት ተራ ቃል ነው።

«ክሎሪን» የሚለውን እንውሰድ። ማኑዋሉ «50 ሜትር ኩብ ለሚይዝ ሪዘርቫየር በሊትር 2 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይጨመር» ይላል እንበል። 50 ሜትር ኩብ 50,000 ሊትር ነው፤ በ2 ሚሊ ግራም ሲባዛ 100 ግራም ይመጣል። ኦፕሬተሩ 100 ግራም ዱቄት ከበርሜሉ መዝኖ ይጨምራል። ጸሐፊው ግን ክሎሪን ያለው ዱቄቱን አይደለም፤ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚሠራውን ክፍል፣ ማለትም ንቁ ክሎሪኑን ነው። የበርሜሉ ዱቄት 65 በመቶ ንቁ ክሎሪን ያለው ከሆነ በ100 ግራም ውስጥ የሚሠራው 65 ግራም ብቻ ነው፤ በሊትርም 1.3 ሚሊ ግራም ሆኖ ቀረ። መመዘን የነበረበት 154 ግራም ያህል ዱቄት ነው። ስሌቱ ልክ፣ ሚዛኑም ልክ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ያልተፈታ ቃል ምክንያት መጠኑ በሲሶ ያህል ጎደለ። እዚህ ላይ «የክሎሪን ዱቄት» እና «ንቁ ክሎሪን» ሁለት የተለያዩ ስሞች ሆነው መፈታት አለባቸው፤ «ክሎሪን» የሚለው ብቻውን የቆመ ቃል ደግሞ ከመመሪያ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ መውጣት አለበት።

ስለዚህ መለኪያዬ ይህ ነው፦ ሁለት ሰዎች ቃሉን ለየብቻ ቢረዱት እጃቸው የተለያየ ነገር ይሠራል ወይ? የሚሠራ ከሆነ ይፈታ። የማይሠራ ከሆነ ቃሉ የቱንም ያህል ሳይንሳዊ ቢመስል መፍቻ ውስጥ ቦታ መያዝ የለበትም። በዚህ መለኪያ ሲጣራ የመቶ ገጽ ማኑዋል መፍቻ ብዙ ጊዜ ከሁለት ከሦስት ገጽ አያልፍም።

አንባቢዬ ቃሉን ማወቁን እንዴት ላረጋግጥ?

«ይህን ቃል ታውቀዋለህ?» ብለው አይጠይቁ። ሰው በሥራው ላይ ሲጠየቅ አላውቅም ማለት ይከብደዋል፤ ደግሞም በራሱ ትርጉም በእርግጥ ያውቀዋል። ከዚህ ይልቅ ገጹን ሰጥተው «እስቲ እዚህ የተጻፈውን አሳየኝ» ይበሉ። ሚዛኑ ላይ ምን እንደሚያስቀምጥ፣ ሜትሩን ከየት ጀምሮ እንደሚዘረጋ፣ የትኛውን ቫልቭ እንደሚይዝ ይመልከቱ። ለብቻ ለብቻ የተጠየቁ ሁለት ኦፕሬተሮች የተለያየ ነገር ካሳዩ ያ ቃል መፈታት ይፈልጋል።

ፍቺው እንዴት ይጻፍ?

ጥሩ ፍቺ ቃሉ የነበረበት ቦታ ገብቶ ዓረፍተ ነገሩን ሳያፈርስ መቆም አለበት። ይህ በአይኤስኦ የስያሜ ደረጃዎችም የተቀመጠ መርህ ነው። በአማርኛ ደግሞ የሐረጉ ዋና ስም መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሥራው ይቀላል፦ ፍቺው በስም ይዘጋ፤ «ሲሆን»፣ «ማለት ነው»፣ «ይባላል» አይጨመርበት።

በብዙ ማኑዋሎች የሚታየውን ዓይነት ፍቺ እንመልከት፦ «የእረፍት ውሃ ጥልቀት፦ ፓምፑ በማይሠራበት ጊዜ የሚገኝ የውሃ መጠን ሲሆን ኦፕሬተሩ በየሳምንቱ ለክቶ መመዝገብ አለበት።» ሦስት ጉድለት አለበት። «መጠን» ሲባል ሊትር ነው ወይስ ሜትር? ከየት እስከ የት እንደሚለካ አልተነገረም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ደግሞ በውስጡ ትእዛዝ አለ፤ በየሳምንቱ የመለካቱ ግዴታ መፍቻ ውስጥ ስለተቀበረ የሥራ ቅደም ተከተሉን ብቻ የሚያነበው ኦፕሬተር አያገኘውም። ትእዛዝ ምንጊዜም ቦታው የሥራው ምዕራፍ ነው።

ሲስተካከል፦ «የእረፍት ውሃ ጥልቀት፦ ፓምፑ ቆሞ የጉድጓዱ ውሃ ከፍ ማለቱን ሲያቆም፣ ከኬዚንጉ አፍ እስከ ውሃው ገጽ ያለው ርቀት፣ በሜትር።» «ከኬዚንጉ አፍ» የሚለው ትርፍ ዝርዝር ይመስላል፤ አይደለም። ኬዚንጉ፣ ማለትም የጉድጓዱን ግድግዳ የሚይዘው ቧንቧ፣ ከሲሚንቶው ወለል ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ፣ አንዱ ኦፕሬተር ከአፉ፣ ተተኪው ከወለሉ ሲለኩ መዝገቡ ላይ ውሃው በአንድ ቀን ግማሽ ሜትር ወደ ላይ የመጣ ይመስላል። «ከፍ ማለቱን ሲያቆም» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ ፓምፑ እንደቆመ ወዲያው የተለካ ቁጥር ገና እየተመለሰ ያለ ውሃ ልኬት ነው።

የትኛው ምህጻረ ቃል ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ?

መጀመሪያ ምህጻረ ቃሉ ራሱ ያስፈልጋል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ የሚመጣ ስም ሙሉውን ቢጻፍ የሚባክነው አንድ መስመር አይሞላም፤ አንባቢው ግን ገጽ ከመግለጥ ይድናል። «ዓ.ም.»፣ «ወ/ሮ»፣ «ት/ቤት»፣ «ዶ/ር» የመሳሰሉትን ማንም አንባቢ ስለሚያውቃቸው ዝርዝሩን በእነሱ አይሙሉት። «ዋሽኮ» የሚባለው የውሃ ኮሚቴ ግን በዘርፉ ላለ ሰው ተራ ቃል ቢሆንም አዲስ ለተመደበ ሰው አይደለም፤ ይግባ።

ለአንድ ነገር ግን ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ፦ ሁለት ሙሉ ስም ያለው ምህጻረ ቃል። «ሊ/ሰ» ሊትር በሰከንድ ነው ወይስ ሊትር በሰዓት? ሁለቱም ቃላት በ«ሰ» ይጀምራሉ፤ ልዩነታቸው ግን 3,600 እጥፍ ነው። 2 ሊትር በሰከንድ የሚሰጥ ጉድጓድ በሰዓት 7,200 ሊትር ይሰጣል። አንዳንዱ ዝርዝሩ ላይ «ሊ/ሰ፦ ሊትር በሰከንድ» ብሎ ጽፎ ችግሩ የተፈታ ይመስለዋል። አልተፈታም፤ ዝርዝሩን የሚከፍተው የተጠራጠረ ሰው ብቻ ነው፣ «ሊትር በሰዓት» ብሎ ያነበበው ደግሞ አልተጠራጠረም። እንዲህ ያለው ምህጻረ ቃል ከነጭራሹ ይጣልና በየቦታው «ሊትር በሰከንድ» ይጻፍ። «ሚ» የምትለዋም ፊደል ሚሊ፣ ሚሊዮን፣ ሚኒስቴር ስለምትሆን ብቻዋን አትተው።

በመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ የሚነበቡት `Hz`፣ `A`፣ `V`፣ `kWh` በአማርኛ ፊደል አይገለበጡ። ኦፕሬተሩ የሚያየው እነዚህን ቅርጾች ነውና በዝርዝሩ መጨረሻ ለብቻቸው፣ ልክ በሳጥኑ ላይ እንዳሉ ይቀመጡ።

ነጥብ ወይስ እዝባር?

ሁለቱም በአማርኛ የተለመዱ ናቸው። የእኔ ምርጫ እዝባርን ለተቋምና ለማዕረግ (ጽ/ቤት፣ ወ/ሮ)፣ ነጥብን ለመለኪያና ለዘመን (ሚ.ግ፣ ዓ.ም.) መተው ነው። በመለኪያ ውስጥ እዝባር «በ» ማለት ስለሆነ «ሚ.ግ/ሊ» ሲባል ሥራው ግልጽ ይሆናል። ሌላ ደንብ ቢመርጡም ችግር የለም፤ ችግር የሚሆነው በምዕራፍ 2 «ሜ.ኩ»፣ በምዕራፍ 6 «ሜ/ኩ»፣ በሠንጠረዡ «ሜኩ» ሲሆን ነው።

ማኑዋሉ ውስጥ የተበተኑትን ለመልቀም በሊብሬኦፊስ ራይተር `Ctrl+H` ይጫኑ፤ ከአማራጮቹ `Regular expressions` የሚለውን መርጠው ይህን ይፈልጉ፦

```
[ሀ-ፚ]+([/.][ሀ-ፚ]+)+
```

በፊደላት መካከል ነጥብ ወይም እዝባር ያለበትን ሁሉ ያወጣል። «እና/ወይም» የመሰለ ጽሑፍም አብሮ ይመጣል፤ እሱን በዓይን ይለፉት። እንደ «ዋሽኮ» ያለ ምልክት የሌለው ምህጻረ ቃል ግን በዚህ መንገድ አይያዝም፤ በንባብ ነው የሚገኘው።

ዝርዝሮቹ የት ይቀመጡ?

የምህጻረ ቃላት ዝርዝር ከማውጫው ቀጥሎ፣ ከምዕራፍ 1 በፊት ይሁን። አጭር ስለሆነ ንባብ አያዘገይም፤ ሽፋኑን እንደገለጡ ስለሚገኝም ለመመለስ ቀላል ነው። የቃላት መፍቻው ከአባሪዎች በኋላ፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ቢሆን ይሻላል፤ የታተመ መጽሐፍ መጨረሻው በአውራ ጣት ይከፈታል። በአባሪዎች መካከል የገባ መፍቻ ግን ማውጫ ሳያዩ አይገኝም።

የዝርዝሩ ቦታ የፈለገውን ያህል ቢመች የመጠን ስህተት የሚያመጡ ቃላትን እዚያ ብቻ አይተዉአቸው። የ«ንቁ ክሎሪን» ፍቺ የመጠን ሠንጠረዡ ባለበት ገጽ ላይ፣ ከሠንጠረዡ በላይ መጻፍ አለበት፤ መፍቻው ውስጥ ያለው ሁለተኛ ቅጂ ነው። እጁ ላይ ጓንት ያደረገ፣ ዱቄት እየመዘነ ያለ ሰው ወደ ገጽ 112 አይገልጥም። ሁለቱ ቦታዎች ላይ ያለው ፍቺ ግን ቃል በቃል አንድ ይሁን። አንዱን ለማሳጠር የተቀየረች ሐረግ በኋላ የትኛው ነው ትክክል የሚል ክርክር ታመጣለች።

እንደ አዋጅ መጀመሪያ ላይ «ትርጓሜ» ብለን ብናስቀምጠውስ?

ይህ ጥያቄ የሚመጣው ከነጋሪት ጋዜጣ ልምድ ነው። በአዋጆቻችን አንቀጽ 1 አጭር ርዕስ፣ አንቀጽ 2 ትርጓሜ ሲሆን «የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር» ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ለሕግ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ግዴታ በእነዚያ ቃላት ስለሚለካ ዳኛውም ጠበቃውም ከዚያ ይጀምራሉ።

የኦፕሬተር ማኑዋል አንባቢ ግን ከመጀመሪያ ገጽ አይጀምርም፤ ፓምፑ ሲቆም «ፓምፑ ሲቆም» የሚለውን ምዕራፍ ነው የሚከፍተው። አራት ገጽ ትርጓሜ ከፊቱ ቢቀመጥ ዘሎት ያልፋል። በአንድ ሁኔታ ግን የአዋጁ ዓይነት አቀማመጥ ትክክል ነው፦ ማኑዋሉ የውል አካል ሲሆን። የጥገና ድርጅት ክፍያ የሚያገኘው «የተጠናቀቀ ጥገና» ለሚለው ከሆነ፣ የዚያ ቃል ትርጉም ከፊት፣ በቁጥር ተለይቶ መቀመጥ አለበት። ያኔ የውል ቃላቱን ብቻ ከፊት አድርገው የሥራ ቃላቱን ከኋላ ይተዉአቸው።

ምህጻረ ቃልን በየምዕራፉ እንደገና ልዘርዝር?

አዎ፣ ማኑዋሉ ምዕራፍ በምዕራፍ የሚነበብ ከሆነ። «ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ ይዘርዘር» የሚለው ልማድ ከዳር እስከ ዳር ለሚነበብ ጽሑፍ የወጣ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ፦ የክሎሪን ምዕራፍ ብቻውን ፎቶ ኮፒ ተደርጎ ፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ዋናው መጽሐፍ ወረዳ ቢሮ ይቀራል። የተለጠፈው ወረቀት ራሱን ችሎ መነበብ አለበት። በሠንጠረዥና በሥዕል ውስጥ ያሉ ምህጻረ ቃላትም ከሠንጠረዡ ግርጌ በትንሽ ጽሑፍ ይዘርዘሩ።

ባለሙያው አንድ ስም፣ ኦፕሬተሩ ሌላ ስም ሲጠቀሙ የቱን ልምረጥ?

ኦፕሬተሩ አፍ ላይ ያለውን፣ ካላሳሳተ ድረስ። ሕዝቡ «ቦኖ» የሚለውን ነገር «የሕዝብ የውሃ ማደያ ነጥብ» ማለት ማንንም አይጠቅምም። ያልተመረጠው ስም ግን አይጣል፤ በመፍቻው ውስጥ በራሱ ተራ ገብቶ «የሕዝብ የውሃ ማደያ ነጥብ፦ ቦኖ የሚለውን ይመልከቱ» ይባል። ከዞን የመጣ መሐንዲስ በራሱ ቃል ሲፈልግ ያገኘዋል።

የሚያሳስት የሰፈር ስም ሲሆን ነገሩ ይለያል። «ሮቶ» ለፕላስቲክ ታንከር ሁሉ ይባላል፤ ሪዘርቫየሩንም በዚሁ ስም የሚጠራ አለ። የክሎሪን መጠን የሚሰላው በያዘው ውሃ ልክ ስለሆነ የኮንክሪት ሪዘርቫየሩና የፕላስቲክ ታንከሩ የተለያየ ስም ይኑራቸው፤ «ሮቶ» ከሁለቱ ወደ አንዱ ብቻ ይምራ።

በፊደል ተራ ስደረድር ቃላቱ ለምን ይበታተናሉ?

አብዛኛውን ጊዜ በሞክሼ ፊደላት ምክንያት ነው። እኛ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» በአንድ ድምፅ ብናነባቸውም ኮምፒዩተር የተለያዩ ፊደላት አድርጎ ነው የሚይዛቸው፤ በፊደል ገበታውም «ሐ» ከ«ለ» በኋላ፣ «ኀ» ከ«ቸ» በኋላ ነው። ስለዚህ «ሃይል» የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ «ኃይል» ወደ መሐል ይገኛል። «ሠ» እና «ሰ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ላይም ይኸው ነው። መፍትሔው ከመደርደር በፊት አንድ አጻጻፍ መርጦ በመላው ማኑዋል ማስተካከል ነው። ልዩ ልዩ አጻጻፎችን በአንድ ጊዜ ለማግኘት፦

```
[ሀሃሐሓኀኃ]ይል
```

«የኃይል»፣ «በሃይል»፣ «ለሀይል» ሁሉ ይመጣሉ፤ መነሻ ቅጥያው ፍለጋውን አያግደውም። አጻጻፉ አንድ ከሆነ በኋላም አንባቢው በሌላው ፊደል ሊፈልግ ይችላል። ስለዚህ እኔ በመፍቻው ውስጥ ሞክሼዎችን በአንድ ርዕስ ሥር እሰበስባለሁ፤ ርዕሱ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ» ተብሎ ሦስቱም ይጻፋል። ይህ በእጅ የሚሠራ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ከደረደረ በኋላ ቆርጦ ማዛወር ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሌላው የመበታተን ምክንያት ግስ ነው። «ማጽዳት»፣ «መለካት»፣ «ማጠብ»፣ «መፍታት» ብለው ካስገቡ ግማሹ መፍቻ «መ» ሥር ይከማቻል፤ ማንም ደግሞ «ማ» ብሎ አይፈልግም። የሚቻለውን ሁሉ በስም ያስገቡ፦ «ጽዳት»፣ «ልኬት»፣ «እጥበት»። በ«የ» የሚጀምሩ ሐረጎችም እንዲሁ ናቸው፤ «የእረፍት ውሃ ጥልቀት» የሚለው «የ» ሳይቆጠር «እ» ላይ ይግባ። ይህን የመረጡትን ደንብ ከመፍቻው ርዕስ በታች በአንድ መስመር ይግለጹት።

ማኑዋሉ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲተረጎም መፍቻው ምን ይሆናል?

ተራው በሙሉ ይቀየራል፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ ስለሚጻፍ በአማርኛ አንደኛ የነበረው ቃል እዚያ በየትኛውም ቦታ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ «መፍቻ ገጽ 112» ብሎ መምራት በትርጉሙ ይሰበራል። ለእያንዳንዱ ፍቺ ቋሚ ቁጥር ይስጡት፤ «ንቁ ክሎሪን» ቁጥሩ 14 ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ 14 ይሁን፣ ዝርዝሩ ግን በየቋንቋው ፊደል ተራ ይደርደር። በቀጣዩ እትም አንድ ፍቺ ቢሰረዝ ቁጥሩን ለሌላ ቃል አይስጡ፤ ባዶ ይተው። አሮጌው ፎቶ ኮፒ ፓምፕ ቤት ግድግዳ ላይ ገና እንደተለጠፈ ነው፤ እዚያ «ፍቺ 14» የሚለው ስለ ሌላ ነገር መናገር የለበትም።